የአልጋ 4 የቀን ማጠቃለያ፦ ለማታ ተረኛዋ ሐኪም

ኅዳር 18፣ ማታ 12 ሰዓት ከ40። ጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ አዲስ አበባ።

እህቴ፣ ዛሬ ሌሊት ከሁሉም በላይ እንድትከታተይልኝ የምፈልገው አልጋ 4ን ነው። አባባ ከትናንት ዛሬ ይሻላሉ። ነገር ግን መሻላቸው ገና አልጸናም። ከታች ያለውን ሳትጨርሺ አልጋው ጋ አትሂጂ። ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ። ሞኒተሩ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚቆጥረው፤ 15:00 ካለ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ቻርቱ ላይ ሁለት ረድፍ ተቀላቅሎ ስላገኘሁት አርሜዋለሁ።

ማን ናቸው

የ58 ዓመት ገበሬ ናቸው፣ ከሰሜን ሸዋ የመጡ። ክብደታቸው 60 ኪሎ፣ ቁመታቸው 170 ሴ.ሜ ነው። ሲግሞይድ ቮልቩለስ ነበራቸው። የዞረው አንጀት ሞቶ ስለተገኘ ተቆርጦ ወጣ፣ ሆዳቸው ላይም ኮሎስቶሚ ተሠራላቸው። ዛሬ ከቀዶ ሕክምናው 4ኛ ቀናቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ያለባቸው ሴፕቲክ ሾክ፣ ኤ-አር-ዲ-ኤስ እና የኩላሊት ጉዳት ነው። ለመድኃኒት አለርጂ የለባቸውም። ከቤተሰቡ ጋር በተስማማነው መሠረት ሙሉ ሕክምና ያገኛሉ።

አንጎልና ንቃት

ሚዳዞላም ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ቆሟል። ፌንታኒል በሰዓት 50 ማይክሮግራም ይሄዳል። ብሌናቸው ሁለቱም 3 ሚ.ሜ ነው፣ ለብርሃን እኩል ይሰበሰባል።

ጠዋት ቻርቱ ላይ አር-ኤ-ኤስ-ኤስ −4 ተብሎ ነበር የተጻፈው። እኔም ገብቼ ጠራኋቸው፣ ምንም አላሉኝም። ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ስትገባ በቀኝ በኩል ዞራ ጆሯቸው ሥር «አባዬ፣ እኔ ነኝ» አለቻቸው። ዓይናቸውን ገለጡ። ጣቷን ጨበጡ፣ ቶሎም አልለቀቋትም። በግራ ጆሯቸው ከድሮ ጀምሮ በደንብ እንደማይሰሙ የነገረችን ያኔ ነው። እኛ ለካ ቬንቲሌተሩ በቀኝ ስለቆመ ሁሌ በግራ ቆመን ነበር የምንጠራቸው። እውነተኛው ነጥባቸው −2 ነው። አደራ፣ በቀኝ በኩል ሆነሽ ጥሪያቸው። አልጋው ራስጌ ላይም ወረቀት ለጥፌያለሁ።

ሌሊት ከተንቀሳቀሱ ሚዳዞላም ከመመለስሽ በፊት ሕመም እንዳለባቸው እይ። ለሕመሙ ፌንታኒሉን ትንሽ ጨምሪ።

ሳንባና ቬንቲሌተር

ቱቦው 7.5 ነው፣ ከንፈር ላይ 23 ሴ.ሜ ታስሯል። በዛሬው ራጅ ጫፉ ከካሪና 4 ሴ.ሜ ከፍ ብሎ ይታያል። የከፉ ግፊት 26 ሴ.ሜ ውሃ ነው። አክታው መጠነኛ ነው፣ ከቢጫነት ወደ ነጭነት እየሄደ ነው። ራጁ ላይ ሁለቱም ሳንባ እንደ ትናንቱ ደመና የለበሰ ነው።

አሁን ያለው ማስተካከያ፦ ቮልዩም አሲስት ኮንትሮል፣ ታይዳል ቮልዩም 400፣ የትንፋሽ ቁጥር 24፣ ፒፕ 10፣ ኦክስጅን 50%። ቮልዩሙን ያሰላሁት በሚዛን ክብደታቸው ሳይሆን በቁመታቸው ነው። ለ170 ሴ.ሜ ወንድ የሚገመተው ክብደት 66 ኪሎ ነው፣ 400 ማለት ደግሞ በኪሎ 6 ሚ.ሊ አካባቢ ነው። ፕላቶ ጠዋት 27 ነበር፣ አሁን 24 ነው። ፒፑ ሲቀነስ 17 የነበረው ልዩነት 14 ደርሷል። ዛሬ ከሁሉ ያስደሰተኝ ቁጥር ይህ ነው።

የደም ጋዝ ጠዋት 12 ሰዓት በ60% ኦክስጅን፦ ፒ-ኤች 7.31፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 46፣ ኦክስጅን 78፣ ባይካርቦኔት 22.5። የፒ/ኤፍ ንጽጽሩ 130 ነው። ከሰዓት በኋላ የደም ጋዝ ማሽኑ ካርትሪጅ ስላለቀ ሁለተኛ አልሠራሁም። በጣት መለኪያው እየሄድን ነው፤ አሁን በ50% 94 ነው። ነገ ጠዋት ካርትሪጅ ይመጣል ተብሏል።

ለሌሊቱ፦ ከ92 እስከ 95 ይበቃናል፣ ከዚያ በላይ አትፈልጊ። ከተረጋጉ ኦክስጅኑን ወደ 45% አውርጂ። ፒፑን ግን አትንኪው። ኦክስጅኑ ወደ 60% ከተመለሰና እዚያው ከቆየ በማንኛውም ሰዓት ደውዪልኝ። በደረታቸው ማስተኛት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ሆዳቸው ላይ አዲስ ቁስልና ኮሎስቶሚ ስላለ ከቀዶ ሐኪሞቹ ጋር ተነጋግረን እንጂ ብቻችንን አንወስነውም። ራስጌያቸው 30 ዲግሪ ከፍ ይበል። የተሞላ የኦክስጅን ሲሊንደርና አምቡ ባግ ከአልጋው አጠገብ አሉ፣ ሁለቱንም ራሴ አይቻቸዋለሁ።

ልብና ደም ዝውውር

የደም ግፊት 112/58፣ አማካዩ 76። የልብ ምት 98፣ ሥርዓቱን የጠበቀ ነው። ኖርአድሬናሊን ጠዋት በኪሎ በደቂቃ 0.25 ማይክሮግራም ነበር፣ አሁን 0.12 ነው። ላክቴት ከ4.2 ወደ 2.1 ወርዷል። በአልጋው ላይ በተደረገው ኢኮ ልባቸው በደንብ ይጨመቃል። አማካዩ ከ70 በላይ ከቆየ ኖርአድሬናሊኑን በየሰዓቱ በ0.02 ቀንሺ። ግባችን 65 ነው። ሃይድሮኮርቲዞን 50 ሚ.ግ በየ6 ሰዓቱ ነው፤ የማታ 12ቱ ተሰጥቷል፣ ቀጣዩ ሌሊት 6 ሰዓት ነው።

ኩላሊትና ፈሳሽ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሽንታቸው 15 ሚ.ሊ ተብሎ ተመዘገበ። 9 ሰዓት ላይ ዜሮ። ከዚያ በፊት በሰዓት 50 እና 60 ሲሰጡ ነበር። ቁጥሩን ሳይ ደነገጥኩ። 500 ሚ.ሊ ሪንገር ይሰጥ ብዬ ጽፌ ፈርሜ ነበር። ሲስተር ከረጢቱን ከመስቀሏ በፊት ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገች። ታካሚውን ካገላበጥን በኋላ የአልጋው ጎን ብረት ሲወርድ የካቴተሩን ቱቦ ተጭኖት ነበር፤ ቱቦው ለሁለት ታጥፎ ጠፍጥፏል። ብረቱን ከፍ ስታደርገው በጥቂት ደቂቃ 290 ሚ.ሊ ወረደ። ትዕዛዙን ሰርዤ ምክንያቱን ጻፍኩበት። ያን ፈሳሽ ብንሰጣቸው የሚገባው እዚያው የታመመው ሳንባ ውስጥ ነበር። የ9 ሰዓቱን ዜሮ እንዳለ ተውኩት፣ አጠገቡ ግን «ቱቦ ታጥፎ» ተብሎ ተጽፏል። ሌሊት ግራፉን ስታይው እንዳያስደነግጥሽ።

ከትናንት ማታ 12 እስከ ዛሬ ማታ 12፦ የገባው 2,350 ሚ.ሊ። የወጣው ሽንት 1,180፣ ድሬይን 120፣ በኤንጂ 150፣ በድምሩ 1,450። ስለዚህ ትርፉ 900 ነው። ከገቡበት ቀን ጀምሮ ሲደመር 5.4 ሊትር ትርፍ ይዘዋል። እግራቸውም እጃቸውም አብጧል፤ የቁርጭምጭሚታቸው ቆዳ በጣት ሲጫን ይጎደጉዳል። ክሬአቲኒን ከ2.6 ወደ 2.1 ወርዷል። ሶዲየም 141። ፖታሲየም 3.4 ነበር፤ 20 ሚሊሞል በሴንትራል ላይኑ በ2 ሰዓት ውስጥ ሰጥቻለሁ። ኩላሊታቸው ገና ስላልዳነ ሳይለካ ሌላ እንዳይደገም።

ሽንት ከቀነሰ መጀመሪያ ቱቦውን ከፊኛ እስከ ከረጢት በእጅሽ ተከተይው። ከዚያ ግፊቱን፣ ላክቴቱንና እግር ከፍ ሲደረግ የሚያሳዩትን ምላሽ እይ። ፈሳሽ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ፉሮሴማይድ ለዛሬ አልጀመርኩም። ኖርአድሬናሊኑ ከ0.05 በታች ከወረደ ነገ ጠዋት አብረን እናስብበታለን።

ሆድና ምግብ

ሆዳቸው ለስላሳ ነው። ትንሽ ተነፍቷል፣ ግን አልጠነከረም። በፊኛ የተለካው የሆድ ግፊት 11 ነው። ኮሎስቶሚው ቀይና እርጥብ ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አየር አወጣ፤ ከረጢቱ ሲነፋ ክፍሉ ሁሉ ደስ አለው። ምግብ በኤንጂ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ጀምሮ በሰዓት 20 ሚ.ሊ ይገባል። 11 ሰዓት ላይ የቀረው 60 ሚ.ሊ ብቻ ነበር። ሌሊት 20ውን ይዘሽ ቆዪ፣ የምንጨምረው ጠዋት ነው። ኦሜፕራዞል 40 ሚ.ግ በደም ሥር ተሰጥቷል።

ኢንፌክሽን

ከፍተኛው ሙቀት 38.4 ነበር፣ አሁን 37.9 ነው። ነጭ ደም ሴል ከ19.8 ሺህ ወደ 15.2 ሺህ። ከሆድ የተወሰደው ፈሳሽ ኢ. ኮላይ አብቅሏል፣ ሜሮፔኔም ይሠራበታል። የደም ካልቸሩ በ48 ሰዓት ምንም አላበቀለም። ሜሮፔኔም 1 ግራም በየ12 ሰዓቱ ነው፣ ለኩላሊታቸው ተስተካክሎ። የማታ 3 ሰዓቱ ያንቺ ነው።

ደምና ስኳር

ሄሞግሎቢን 8.4። ፕላትሌት ከ88 ሺህ ወደ 96 ሺህ ከፍ ብሏል። አይ-ኤን-አር 1.4። ሄፓሪን 5,000 ዩኒት ከቆዳ ሥር በየ12 ሰዓቱ ይቀጥል፣ የሚቀጥለው ማታ 3 ሰዓት ነው። ሁለት ዩኒት ደም ተመሳክሮ ደም ባንክ ተቀምጧል። ስኳራቸው ከ168 እስከ 214 ዋለ። 10 ሰዓት ላይ 4 ዩኒት ሬጉላር ኢንሱሊን ሰጥቻለሁ። በየ4 ሰዓቱ ይለካ፣ ከ180 በታች ይበቃል።

መስመሮችና ቱቦዎች

ሴንትራል ላይን፣ ቀኝ አንገት፣ 4ኛ ቀን። ዙሪያው ንጹሕ ነው፣ ሽፋኑ ዛሬ ተቀይሯል። ቡናማው መስመር የኖርአድሬናሊን ብቻ ነው፤ በእሱ ምንም ነገር እንዳይገፋ።

አርቴሪያል ላይን፣ ግራ እጅ አንጓ፣ 3ኛ ቀን። ሞገዱ ጥሩ ነው። ጣታቸው ሞቃትና ቀላ ያለ ነው።

ኤንጂ ቲዩብ፣ ቀኝ አፍንጫ፣ 55 ሴ.ሜ። ጨጓራ ውስጥ መሆኑ በራጅ ተረጋግጧል።

የዳሌ ድሬይን፣ በቀኝ በኩል። በ24 ሰዓት 120 ሚ.ሊ፣ ትናንት 180 ነበር። ቀለሙ ሮዝማ ውሃ ነው። ከደፈረሰ፣ ሰገራ ከመሰለ ወይም ንጹሕ ደም ከሆነ ለቀዶ ተረኛው ወዲያው ይደወል። ድንገት ቢቆምም እንደ ካቴተሩ በእጅ ይፈተሽ፤ ታካሚው ወደ ቀኝ ሲዞሩ ቱቦው ዳሌያቸው ሥር ይገባል።

ካቴተር 16፣ 4ኛ ቀን። ቱቦው አሁን ከጎኑ ብረት ውጭ በፕላስተር ተይዟል። በግራ ክንዳቸው የነበረው ካኑላ ቀልቶ ስላየሁት አውጥቼዋለሁ።

ቆዳና ቤተሰብ

ከወገባቸው በታች፣ ጅራት አጥንቱ ላይ፣ 3 ሴ.ሜ የሚሆን ሲጫኑት የማይነጣ ቅላት አለ። ቆዳው አልተላጠም። በየ2 ሰዓቱ ይገላበጡ፣ ከእያንዳንዱ መገላበጥ በኋላም ቱቦዎቹ ይታዩ።

ልጃቸውና ታላቅ ወንድሟ በረንዳ ላይ ያድራሉ። ግፊቱ እንደተሻለ፣ ሳንባው ግን ገና እንደሆነ ነግሬያቸዋለሁ። «ይድናሉ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ዛሬ ከትናንት እንደሚሻሉና ነገ ጠዋት እንደገና እንደምንነጋገር ነገርኳት። ሌሊት ለውጥ ካለ እሷን አስጠሪያት፤ ስልኳ ቻርቱ የፊት ገጽ ላይ አለ።

የሚጠበቅ

ሌሊት 6 ሰዓት፦ ፖታሲየም፣ ክሬአቲኒን፣ ላክቴት። ቱቦዎቹ ላይ የካርድ ቁጥራቸውን ጽፌ ትሪው ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። ፖታሲየሙ ከ3.5 በታች ከሆነ 20 ሚሊሞል መድገም ትችያለሽ፤ ከ5 በላይ ከሆነ ናሙናው ሄሞላይዝ ሆኖ እንደሆነ ለማየት ደሙን ከአርቴሪያል ላይኑ ወስደሽ ደግመሽ ላኪ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ራጅ ይነሳሉ። ፌንታኒሉን 1 ሰዓት ላይ ቀንሰን በቀኝ ጆሯቸው አብረን እንጠራቸዋለን።