የሐምሌ ክፍያ የየትኛው ዓመት ወጪ ነው? በጥሬ ገንዘብና በአክሩዋል የተያዘ የመንግሥት ሂሳብ አነባበብ

ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ የጎንደር ከተማ አስተዳደርንና የክፍለ ከተሞችን የሂሳብ መግለጫ ለሚመለከቱ የምክር ቤት አባላትና ነዋሪዎች ነው። የሂሳብ ትምህርት ያልተማረ አንባቢ መግለጫውን ሲያገኝ ብዙውን ጊዜ ዓይኑ በቀጥታ የሚያርፈው በጠቅላላ ገቢና በጠቅላላ ወጪ ላይ ነው። ከእነዚህ ድምሮች በፊት ግን መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሂሳቡን የያዘው መሥሪያ ቤት አንድን ገቢ ወይም ወጪ የሚመዘግበው በየትኛው ቅጽበት ነው የሚለው ነው።

በጥሬ ገንዘብ ላይ በተመሠረተ የሂሳብ አያያዝ ገቢ የሚባለው ገንዘቡ ወደ መንግሥት ካዝና ወይም የባንክ ሂሳብ ሲገባ ነው፤ ወጪ የሚባለውም ከዚያ ሲወጣ ነው። በአክሩዋል መሠረት ሲያዝ ግን የሚታየው መብቱ ወይም ግዴታው የተፈጠረበት ቀን ነው። ዕቃው ተረክቦ ሞዴል 19 የሚባለው የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ ተቆርጦለት ከሆነ፣ ሥራው ተሠርቶ የክፍያ ሰርተፍኬቱ ጸድቆ ከሆነ፣ ገንዘቡ ባይከፈልም ዕዳው በመዝገብ ላይ ይቀመጣል።

ልዩነቱ በምሳሌ ጎልቶ ይታያል። በአዘዞ አካባቢ ለሚነጠፍ የጌጠኛ ድንጋይ መንገድ የ20 ሚሊዮን ብር ውል ተፈረመ እንበል። ተቋራጩ በጥር ወር የ6 ሚሊዮን ብር ቅድመ ክፍያ ወሰደ፤ በሰኔ አጋማሽ ሥራውን ጨርሶ አስረከበ። ከቀሪው 14 ሚሊዮን ብር ላይ 1 ሚሊዮን ብር በመያዣነት ተቀነሰበት፤ እስከ ሰኔ 30 ድረስ ደግሞ 4 ሚሊዮን ብር ብቻ ተከፈለው። መሥሪያ ቤቱ ሂሳቡን በንጹሕ የጥሬ ገንዘብ መሠረት የሚይዝ ከሆነ የዓመቱ ወጪ 10 ሚሊዮን ብር ነው፤ ያልተከፈለው 9 ሚሊዮን ብርና የመያዣው ገንዘብ በመግለጫው ፊት ላይ የሉም። በአክሩዋል መሠረት ግን 20 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መንገድ በሀብትነት፣ 10 ሚሊዮን ብር ደግሞ በተከፋይ ዕዳነት ይቀመጣል። የመንገዱ ዋጋ በአንድ ዓመት ወጪነት አይወራረድም፤ 20 ዓመት ያገለግላል ተብሎ ከታሰበ በየዓመቱ 1 ሚሊዮን ብር ያህል የእርጅና ቅናሽ እየተደረገለት በአገልግሎት ዘመኑ ላይ ይከፋፈላል። መንገዱ ያው አንድ መንገድ ሆኖ ሳለ፣ የመጀመሪያው መግለጫ 10 ሚሊዮን ብር እንደወጣ ሲናገር፣ ሁለተኛው የከተማው ሀብት በ20 ሚሊዮን ብር እንዳደገና ከዚያ ውስጥ ግማሹ ገና በዕዳ እንደተያዘ ይናገራል።

በአገራችን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሂሳብ ሲያዝ የቆየው ከሁለቱ በአንዱ ብቻ አይደለም፤ የተሻሻለ የጥሬ ገንዘብ መሠረት በሚባለው አሠራር ነው። መሠረቱ ጥሬ ገንዘብ ቢሆንም አንዳንድ ነገሮች ከክፍያ ቀናቸው ተለይተው ይመዘገባሉ። ቅድመ ክፍያ እስኪወራረድ ድረስ በተሰብሳቢ ሂሳብ ይቆያል፤ ከተቋራጭ የተያዘ ገንዘብ በተከፋይ ይታያል፤ ከሰኔ 30 በፊት ለተረከቡት ዕቃና አገልግሎት በሐምሌ የሚፈጸመው ክፍያ ደግሞ፣ ዓመቱ ከተዘጋ በኋላ ያለፈውን ዓመት ዕዳ ለመክፈል የሚፈቀደው አጭር ጊዜ የችሮታ ጊዜ ስለሚባል፣ በችሮታ ጊዜ ተከፋይነት ላለፈው ዓመት ይመዘገባል። ስለዚህ በምሳሌያችን ያለው 9 ሚሊዮን ብር በችሮታው ጊዜ ውስጥ የሚከፈል ከሆነ በዓመቱ ወጪ ውስጥ ይገባል፤ ጊዜው ካለፈበት ግን ሸክሙ በቀጣዩ ዓመት በጀት ላይ ይወድቃል። መንገዱ ራሱ ግን በዚህ አሠራር በሀብትነት አይታይም፤ ወጪ ሆኖ ያልፋል። የመኪና፣ የሕንፃና የማሽን ቆጠራና ይዞታ የሚገኘው በቋሚ ንብረት መዝገብ ውስጥ እንጂ በሂሳብ መግለጫው ውስጥ አይደለም። ይህ የመዝገቡን ጥራት እጅግ አስፈላጊ ያደርገዋል፤ የምክር ቤት ኮሚቴዎች ከገንዘብ ድምሩ ባላነሰ ትጋት ሊጠይቁት የሚገባ ሰነድ ነው ብዬ አምናለሁ።

በገቢ በኩል ለከተማ አስተዳደር የሚከብደው ጉዳይ የመሬት ሊዝ ነው። ተጫራቹ ሲያሸንፍ ከሊዝ ዋጋው የተወሰነውን ቀድሞ ይከፍላል፤ ቀሪውን በዓመታት ከፋፍሎ ያስገባል። በጥሬ ገንዘብ ሂሳብ የሚታየው በዚያ ዓመት የገባው ብቻ ነው፤ ብዙ ጨረታ በወጣበት ዓመት ገቢው ያብጣል፤ ጨረታ በሌለበት ዓመት ይሟሽሻል፤ ውዝፍ ክፍያ ያለባቸው ሰዎች ብዛትና የገንዘቡ መጠንም ከመግለጫው ፊት አይታወቅም። አክሩዋል የመሰብሰብ መብቱን በተሰብሳቢነት እንዲያሳይ ያስገድዳል፤ ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ በዚህ ዓመት ገቢ ይባላል የሚለውን የውሉ ባሕርይ ይወስነዋል፤ ሊሰበሰብ የማይችል መስሎ የሚታየውም በግምት ይቀነሳል። ለውዝፍ ግብርም ነገሩ ተመሳሳይ ነው።

ሆኖም የጥሬ ገንዘብ ሂሳብን ማናናቅ ትክክል አይደለም። ባንኩ የሚሰጠው መግለጫና መዝገቡ ሊመሳከሩ ስለሚችሉ ለማጭበርበር ያስቸግራል፤ ምክር ቤቱ በጀት የሚያጸድቀው በሚከፈል ገንዘብ ልክ ስለሆነም አፈጻጸሙን ለመመዘን በጣም ይመቻል። አክሩዋል በአንጻሩ ብዙ ግምት ይፈልጋል፦ አንድ ሕንፃ ስንት ዓመት ያገለግላል፣ ከውዝፉ ምን ያህሉ ይሰበሰባል፣ በፍርድ ቤት ያለ ክርክር ዕዳ ያመጣል ወይስ አያመጣም። ግምቱ በደካማ እጅ ከተሠራ፣ ሰፊና ዝርዝር የሚመስል ነገር ግን የማያስተማምን መግለጫ ይወጣል።

ለጎንደር ሰው የዚህ ግምት ክብደት በቅርብ ይታያል። የፋሲል ግቢ በሀብት መግለጫ ላይ ስንት ብር ተብሎ ይቀመጥ? ሊሸጥ አይችልም፤ ዳግም ሊሠራም አይችልም። የዓለም አቀፍ የመንግሥት ሂሳብ ደረጃዎችን የሚያወጣው ቦርድ ቅርሶችን ለረጅም ጊዜ ከመመዝገብ ግዴታ ውጭ አድርጎ ነበር፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው አዲሱ የንብረት ደረጃ ግን ዋጋቸው በአስተማማኝ ሁኔታ ሊለካ የሚችል ከሆነ እንዲመዘገቡ ይጠይቃል። በእኔ አስተያየት ለግቢው በብር ከሚቀመጥ አኀዝ ይልቅ ለጥገናው በየዓመቱ የሚያስፈልገውና በእርግጥ የተመደበው ገንዘብ ጎን ለጎን ቢጻፍ ለአንባቢ የበለጠ ይጠቅማል።

ሌላው የሚያምታታ ነገር የልማት ድርጅቶች ሂሳብ ነው። የፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 የመንግሥት የልማት ድርጅቶች በዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃዎች መሠረት ሪፖርት እንዲያቀርቡ ያዛል፤ የእነሱ መግለጫ የሚዘጋጀው በአክሩዋል ነው። ስለዚህ የአንድን ድርጅት ወጪ ከአንድ ጽሕፈት ቤት ወጪ ጋር መደመርም ሆነ ማነጻጸር የተለያየ ነገርን አንድ አድርጎ መቁጠር ይሆናል።

የምክር ቤት አባል መግለጫውን ሲቀበል አስቀድሞ ማየት ያለበት በማብራሪያው የመጀመሪያ ገጾች ላይ የሚሰፍረውን የሂሳብ ፖሊሲ ነው፤ መሠረቱ እዚያ ይገለጻል። ከዚያ ቀጥሎ በሰኔ 30 ጸድቀው ያልተከፈሉ የክፍያ ሰርተፍኬቶች ዝርዝር፣ በሐምሌ ወር የወጡ ክፍያዎች፣ እንዲሁም ከአንድ ዓመት በላይ ሳይወራረድ የቆየ ቅድመ ክፍያ እንዲቀርብለት ይጠይቅ። በሰኔ መጨረሻ ቀናት ብቻ የተከማቸ ክፍያ ካገኘ፣ ዕቃው ወይም ሥራው በእርግጥ ከዓመቱ መዘጋት በፊት ተረክቦ እንደሆነ በሞዴል 19ና በርክክብ ሰነዱ ቀን እንዲረጋገጥለት ለኦዲት ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ማሳወቅ ይችላል።