የዝቅተኛ መጠን ዴክሳሜታዞን ምርመራ ውጤትና ትርጓሜ

ድሬዳዋ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ውሻዋን ከሐረር ለላኩልን የእንስሳት ሐኪም

ታካሚ፦ ቡቺ፣ ድብልቅ ዝርያ፣ ሴት፣ ማህፀኗ የወጣ፣ 10 ዓመት፣ 12 ኪሎ ግራም
የተጠረጠረው፦ የኮርቲሶል መብዛት (ኩሺንግ)

ውጤት፣ በማይክሮግራም በዴሲሊትር፦
ከመርፌው በፊት (ጠዋት 2:00)፦ 5.8
ከ4 ሰዓት በኋላ (ቀን 6:00)፦ 1.2
ከ8 ሰዓት በኋላ (ቀን 10:00)፦ 4.1

ምርመራው ኩሺንግን ይደግፋል፤ ምንጩም ፒቱታሪ ዕጢ ነው።

ዶክተር፣ አብሮ የተያያዘውን የላብራቶሪ ወረቀት ሲያዩ እንዳይደናገሩ። ናሙናው የተሠራው የሰው ደም በሚመረምር ማሽን ነው። የውሻና የሰው ኮርቲሶል አንድ ዓይነት ሞለኪውል ስለሆነ ቁጥሩ ችግር የለበትም። ችግሩ ከጎኑ የታተመው መነጻጸሪያ ነው፤ የሰው የጠዋት መጠን ስለሆነ በሦስቱም ቁጥሮች ላይ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት አስቀምጧል። በዚያ ከተነበበ ቡቺ ኮርቲሶል ያነሳት ትመስላለች፤ እውነቱ ተቃራኒው ነው። የመጀመሪያው 5.8 ብቻውን ምንም አይናገርም፤ በሽታው ያለባትም የሌለባትም ውሻ ይህን ቁጥር ልታሳይ ትችላለች። ቀድሞ የሚነበበው የስምንተኛው ሰዓት ነው። ጤናማ ውሻ ላይ በዚያ ሰዓት ከ1.4 በታች መሆን ሲገባው 4.1 ሆኗል፤ የመነሻው 71 በመቶ ማለት ነው።

ምንጩን የነገረን የአራተኛው ሰዓት ነው። 5.8 የነበረው 1.2 ደርሷል፤ 79 በመቶ ወርዶ መልሶ አፈትልኳል። አድሬናል ዕጢ ላይ ያለ ዕባጭ ኮርቲሶል የሚያመርተው የፒቱታሪን ትእዛዝ ሳይጠብቅ ስለሆነ ዴክሳሜታዞን እንዲህ አያወርደውም። አራተኛው ሰዓት ላይም ባይወርድ ኖሮ ሁለቱን ምንጮች መለየት አንችልም ነበር።

መጠኑን እንዴት እንዳሰላነው እንጻፍ፣ ብዙ ጊዜ የሚሳተው እዚህ ነውና። ለ12 ኪሎ በኪሎ 0.01 ሚሊ ግራም ሲታሰብ 0.12 ሚሊ ግራም ይሆናል። አምፑላችን 4 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ቢልም ያ የፎስፌቱ ክብደት ነው፤ ንጹሕ ዴክሳሜታዞኑ 3.3 ገደማ ነው። 1 ሚሊ ሊትሩን በ9 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን አቅጥነን፣ ከዚያ 0.36 ሚሊ ሊትር በደም ሥር ሰጠናት። ሳይቀጥን ቢሆን 0.036 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ያንን በተራ ስሪንጅ በትክክል መለካት አይቻልም።

ምርመራው ጭንቀት ባለበትና ሌላ ከባድ ሕመም በያዘው ውሻ ላይ በሐሰት ሊደግፍ ይችላል። ስለዚህ ቡቺ ከሐረር ቁልቁል በመኪና እንደወረደች ደሟን አልወሰድንም፤ አሳድረናት፣ ማታውኑ ካኑላ ገብቶላት፣ ቀኑን ሙሉ ጸጥ ባለ ክፍል ከሌሎች ውሾች ተለይታ ዋለች። ናሙናዎቹ ወዲያው በሴንትሪፊውጅ ተለይተው፣ ሴረሙ በበረዶ ሳጥን ተልኳል። ባለቤቷንም ፕሬድኒሶሎን ወይም ስቴሮይድ ያለበት የቆዳ ቅባት ተጠቅመውላት እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠይቀናቸው የለም ብለዋል። ፕሬድኒሶሎን ኮርቲሶል መስሎ በማሽኑ ሊቆጠር ይችላል፤ ለረጅም ጊዜ የተሰጠ ስቴሮይድ ደግሞ ራሱ ኩሺንግን ያመጣል።

ቁጥሩን ያመንነው ግን ምልክቶቿ ስለደገፉት ነው። ማለክለኳን ብቻ ብናይ የድሬዳዋ ሙቀት ነው ብለን በተውነው። ውኃዋ ተለክቶ በ24 ሰዓት 1.6 ሊትር ጠጥታለች፤ በኪሎ 133 ሚሊ ሊትር፣ ከ100 በላይ። ሆዷ ወርዷል፤ በሁለቱም ጎኗ ፀጉሯ ሳስቷል፤ የሆዷ ቆዳ ሲቆነጠጥ እንደ ስስ ወረቀት ይታጠፋል፣ ደም ሥሮቹም በግልጽ ይታያሉ። አልካላይን ፎስፋቴዝ 1,240፣ የሽንት ጥግግት 1.008፣ የደም ስኳር 104 ነው።

የቀረው፦ የሁለቱም አድሬናል ዕጢዎች አልትራሳውንድ (ሁለቱም እኩል ማበጥ አለባቸው፤ አንዱ ብቻ ትልቅ ከሆነ ይደውሉልን)፣ የደም ግፊት፣ የሽንት ፕሮቲንና ካልቸር። ካልቸሩን አይዝለሉት፤ ኮርቲሶል መግል ስለሚደብቅ ሽንቷ ንጹሕ መስሎ ኢንፌክሽን ሊኖር ይችላል። ትራይሎስታን ከተጀመረ በኪሎ 1 ሚሊ ግራም፣ በቀን ሁለት ጊዜ ከምግብ ጋር፤ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ኮርቲሶሏ እንደገና ይለካል። ምግብ እምቢ ካለች፣ ካስመለሳት ወይም ከደከማት መድኃኒቱ ያን ቀን ይቁምና ሶዲየምና ፖታስየም ይታይላት።

ባለቤቷ ሌሊት ቤት ውስጥ ስለምትሸና ማታ ማታ ውኃዋን እንደሚያነሱባት ነግረውናል። እባክዎ አጥብቀው ይከልክሏቸው፤ ብዙ የምትጠጣው ኩላሊቷ ውኃውን መያዝ ስላቃተው ነው፣ ውኃው ከተነሳ በአንድ ሌሊት ልትደርቅ ትችላለች።