10 ፓሌት የፎቶ ኮፒ ወረቀት ከመጋዘናችሁ ስለማንሳት

ቀን፦ መስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለመጋዘን ኃላፊ
ተክለ ሃይማኖት፣ አዲስ አበባ

ኮሌጃችን ከድርጅታችሁ በገዛው የኤ4 ፎቶ ኮፒ ወረቀት ጉዳይ ትናንት ከእርስዎ ጋር በስልክ የተነጋገርነውን በጽሑፍ ለማጽናትና በስልክ ያልቋጨናቸውን ነጥቦች ለመጨረስ ይህን ደብዳቤ ጽፈናል።

የሚነሳው 10 ፓሌት ነው። በእያንዳንዱ ፓሌት ላይ 48 ካርቶን፣ በእያንዳንዱ ካርቶን ውስጥ 5 ደስታ ወረቀት ስላለ ጠቅላላው 480 ካርቶን ወይም 2,400 ደስታ ይሆናል። አንዱ ካርቶን 12.5 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን የወረቀቱ ክብደት ብቻ 6 ቶን ገደማ ነው። የተከራየነው መኪና ኢሱዙ ኤፍ ኤስ አር ሲሆን የጭነት ሳጥኑ 6.2 ሜትር ርዝመትና 2.3 ሜትር ስፋት አለው፤ ፓሌቶቻችሁ 1.2 በ1 ሜትር በመሆናቸው ሁለት ሁለት ሆነው በአምስት ረድፍ ልክ ይገባሉ፣ አንድም ፓሌት በሌላው ላይ መደራረብ አያስፈልግም።

መኪናው ማክሰኞ ጥቅምት 4 ቀን ከምሽቱ 2፡30 በራችሁ ላይ ይደርሳል፤ ጭነቱም እስከ 4፡30 እንዲያልቅ እንፈልጋለን። ማታውን የመረጥነው በቀን የጭነት መኪና ወደ መሀል ከተማ የሚገባበት ገደብ ስላለ ነው፤ ደግሞም በመርካቶ በኩል ያለው የቀን መጨናነቅ መኪናውን ከነጭነቱ መንገድ ላይ ሊያቆመው ይችላል። ሰዓቱ ለእናንተ የትርፍ ሰዓት ክፍያ እንደሚያስከትል ስለምናውቅ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛውና የፎርክሊፍት ኦፕሬተሩ በዚያ ምሽት እንደሚገኙ እስከ ቅዳሜ ጥቅምት 1 ቀን እኩለ ቀን ድረስ ቢያረጋግጡልን እናመሰግናለን። ማክሰኞ ካልተመቸ ረቡዕ በዚያው ሰዓት መኪናውን ማግኘት እንችላለን፤ ከዚያ ወዲያ ግን ባለመኪናው ሌላ ሥራ ይዟል።

ስለ መጫኛው በተለይ ማሳሰብ የምንፈልገው አለ። የመኪናው ስፖንዳ በሁለቱም ጎን ስለሚወርድ ፎርክሊፍቱ አምስቱን ፓሌት ከአንድ ጎን፣ አምስቱን ከሌላው ጎን ሊያስገባ ይችላል፤ ለዚህ ግን በግቢው ውስጥ በመኪናው ግራና ቀኝ ፎርክሊፍቱ የሚዞርበት ቦታ መኖር አለበት። በስልክ እንደነገሩኝ በግቢው በስተቀኝ ባዶ ፓሌት ተከምሯል፤ እሱ ካልተነሳ መኪናውን መሐል ላይ ማዞር ግድ ይላል፣ ይህም ጊዜ ይፈጃል። ፎርክሊፍቱ ቢያንስ 1 ቶን የሚያነሳ፣ ባትሪው ወይም ነዳጁ አስቀድሞ የተሞላ እንዲሆን እንጠይቃለን። ሸራና ገመድ ከእኛ ነው፤ ወረቀት እርጥበት አይወድምና የካርቶኖቹ ፕላስቲክ መጠቅለያ ከመጫኑ በፊት የተቀደደ እንዳይሆን ይታይልን።

የጫኝና አውራጅ ክፍያም ከአሁኑ ይለይ። ሥራው በፎርክሊፍት ስለሚሠራ የሚያስፈልጉን ሸራ የሚያስሩ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱንም ከመኪናው ጋር እናመጣለን። የአካባቢያችሁ ጫኞች ሥራው የእኛ ነው የሚሉ ከሆነ ዋጋውን አስቀድመው ያሳውቁን፤ ክርክሩ መኪናው በር ላይ ቆሞ ከተጀመረ ሁለት ሰዓት ምንም ማለት አይደለም። በእኛ በኩል ፎርክሊፍት ስለሌለ ካርቶኑ በእጅ ይወርዳል፤ ባዶ ፓሌቶቹንም በሳምንት ውስጥ ስለምንመልስ በማስረከቢያው ላይ «10 የእንጨት ፓሌት፣ ተመላሽ» ተብሎ ይጻፍልን።

ከሰነድ አንጻር የንብረት ሠራተኛችን በኮሌጁ ማህተምና ቲተር የተረጋገጠ የውክልና ደብዳቤና መታወቂያውን ይዞ ይቀርባል። የሾፌሩ ስም፣ የመኪናው የሰሌዳ ቁጥርና የሊብሬው ቅጂ ሰኞ ከቀትር በፊት ስለሚደርሳችሁ የመውጫ ፈቃዱ በዚያው ቀን ቢዘጋጅ ማታ በጥበቃ በር ላይ የሚያስቆመን ነገር አይኖርም። ከእናንተ የምንጠብቀው የዕቃ ማስረከቢያ በሦስት ቅጂና የተጨማሪ እሴት ታክስ ደረሰኝ ነው። በደረሰኙ ላይ የኮሌጁ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር በግዥ ማዘዣው ላይ እንዳለው ሆኖ መጻፉን፣ ብዛቱም በፓሌት ሳይሆን በደስታ መገለጹን እንዲያዩልን በተለይ እንለምናለን፤ ሂሳብ ክፍላችን በአንድ ፊደል ስሕተት ደረሰኝ ይመልሳል።

ሠራተኛችን መጋዘናችሁ ላይ የሚፈርመው ፓሌትና ካርቶን ቆጥሮ ለመረከቡ ብቻ ነው። የጥራት ፍተሻው የሚደረገው ዕቃው ግምጃ ቤታችን ሲደርስ፣ ረቡዕ ጠዋት በተቀባይ ኮሚቴው ሲሆን ሞዴል 19 የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው፤ የክፍያ ጥያቄያችሁም የሚስተናገደው ሞዴሉ ከደረሰኙ ጋር ተያይዞ ሲቀርብ ይሆናል።

ከሰላምታ ጋር
የንብረት አስተዳደር ክፍል ኃላፊ

ግልባጭ፦
ለግዥ ክፍል
ለሂሳብ ክፍል
ለጥበቃ ክፍል