ለቤዛዊት ቤተሰብ

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ
ጥቅምት 13

ደሳለኝ፣ የሺ፣ እማማ ጥሩ፤

ድንኳኑ ትናንት ተነሣ፤ ከዳንግላ የመጡት ዘመዶችም ነገ ይመለሳሉ። ቤቱ ጭር የሚለው ከዚህ በኋላ ነውና ይህን የጻፍነው ለዚያ ነው። መልስ አያስፈልገውም። ዛሬ ማንበብ ከከበዳችሁ አስቀምጡት።

ቤዛዊት ስምንት ዓመቷ ነበር። “ቤዚ” ሲሏት “ሙሉውን ጥሩኝ” ትል ነበር። ስሟን ከቤዛዊት ኮረብታ አወጣችሁላት ወይ ብሎ ለጠየቀ ሁሉ፣ ኮረብታው ነው ከእኔ የወሰደው ብላ ትከራከር ነበር። በውጭ በር ላይ በጠመኔ የሣለቻት ታንኳ አሁንም አለች፤ ሦስት ሰው ተቀምጦባታል፣ አራተኛዋ ትልቅ አፍ ያላት ወፍ ናት። በሩን ማንም እንዳያጥበው ለግቢው ሁሉ ነግረናል።

እንዴት እንደሆነ አንጠይቃችሁም። ለምን እንደሆነም የምንለው የለንም። ሰሞኑን ብዙ ሰው “ለበጎ ነው”፣ “ሌላ ይተካል” ሲላችሁ ሰምተናል፤ ማንም ሰው ግን በማንም አይተካም፣ ቤዛዊትም በማንም አትተካም። እንዲህ የሚል ሰው ከእንግዲህ ቢመጣ በረንዳ ላይ ቡና አጠጥተን እንሸኘዋለን፤ እናንተ መውጣት የለባችሁም።

ልብሷን አላጠብንም። የሺ፣ ይህን ሆን ብለን ነው ያደረግነው፤ ከታጠበ ጠረኗ አይመለስም። ሰማያዊው ሹራብ፣ የትምህርት ቤት ልብሷና የትራሷ ጨርቅ በንጹሕ ነጠላ ተጠቅልለው ቁም ሣጥኑ ላይኛው መደብ ላይ አሉ። ጫማዋም ደረጃው ላይ እንደተወችው ነው። “ዓይን እንዳያየው ቶሎ ይሰጥ” ያሉ አሉ፤ ይሰጥ አይሰጥ የምትሉት ግን እናንተ ብቻ ናችሁ፣ ዛሬም ሆነ ከዓመት በኋላ። ሰባት ደብተሮቿን ከአስተማሪዋ ተቀብለናል። ሒሳቡ ውስጥ እርማት ያላገኘ አንድ የቤት ሥራ አለ። በላስቲክ ታሽገው እኛ ዘንድ ይቆያሉ፤ አምጡ ስትሉ እናመጣለን።

ፎቶዎቿና ጣና ዳር ስትሮጥ የሚያሳየው አጭር ቪዲዮም በአንድ ፍላሽ ተሰብስቧል። ሳትጠይቁ በስልካችሁ አይላክም፤ ሰው ሳይዘጋጅ ፊቷ ድንገት ስክሪን ላይ ብቅ እንዲልበት አንፈልግም። የሰፈሩንም ሰው እንዳይልክ ለምነናል።

ለናቲ እስካሁን “ተኝታለች”፣ “አገር ቤት ሄዳለች” ያሉት አሉ። አምስት ዓመት ልጅ ይህን ሲሰማ መተኛት ይፈራል፣ ወይም በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ከትናንት ወዲያ ማታ ሦስት ሰዓት ድረስ በሩ ላይ የቆመው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ምን እንደሚነገረው እናንተ ወስኑ፤ የመረጣችሁትን ቃል ንገሩን፣ ትልቁም ትንሹም ያንኑ ይለዋል። መዋዕለ ሕፃናት ሲመለስ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከልጆቻችን ጋር በባጃጅ ይሄዳል፣ ስድስት ሰዓት ላይ እናመጣዋለን። መሄድ ካልፈለገ እኛ ቤት ይውላል።

ምግብ ላይ አትነጋገሩ። በየሁለት ቀኑ ሃያ እንጀራና ወጥ ይመጣል፤ ረቡዕና ዓርብ የጾም፣ በሌላው ቀን እንደተገኘ። ለየሺ ጠዋት ጠዋት አጥሚት በፔርሙስ በር ላይ ይቀመጣል፤ እንጀራ እምቢ ያለ ጉሮሮ አንዳንዴ እሱን ይቀበላል። ካልጠጣሽው ይደፋ፣ ማንም አይቆጥረውም። ውኃ ሁለት ጀሪካን ማታ ማታ ይሞላል። ይህ እስከ አርባው ነው፤ ከዚያ በኋላም አያልቅም፣ እንደገና እንነጋገራለን።

ደሳለኝ፣ ሰው ሁሉ “አንተ ጠንክር፣ እሷን አጽና” ሲልህ ሰንብቷል። ማልቀስ ከፈለግህ ከግቢው ጀርባ ያለው ክፍል ባዶ ነው፣ ቁልፉ ከመስኮቱ በላይ አለ። ሥራ ስትመለስ ማታ ከበር ድረስ አብሮህ የሚመጣ ሰው ይኖራል፤ ባታወራውም ግድ የለም።

እማማ ጥሩ፣ እርስዎ ለሌላው ሲያዝኑ የራስዎ መድኃኒት ሁለት ቀን እንደቀረ አይተናል። ከዛሬ ጀምሮ ጠዋትና ማታ ውኃ ይዘን እንመጣለን።

አርባው ኅዳር 14 ይውላል፣ በማግስቱ የነቢያት ጾም ይገባል። ጸሎትና ቅዳሴ ብቻ ይሁን ካላችሁ ካህኑን እናነጋግራለን። ሰው ይብላ ካላችሁ ድስቱ፣ ሳህኑና አግዳሚው ከዕድሩ ይወጣል፣ እኛም እንሠራለን። ምንም አይደረግ ካላችሁም ምንም አይደረግም፤ ለሚጠይቅ እኛ እንመልሳለን። ኅዳር 7 ድረስ አንድ ቃል ብትሉን ይበቃል።

በልደቷ፣ በጥምቀት፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት ስሟን እንጠራለን። እንዳይጠራ የምትፈልጉበት ቀን ካለ ንገሩን። ስንጠራው ሙሉውን ነው፦ ቤዛዊት።

ማታ መብራት ካያችሁብን አልተኛንም ማለት ነው፤ ማንኳኳት አያስፈልግም፣ ግቡ።

የግቢው ጎረቤቶቻችሁ