አባትሽን ቤት ውስጥ በቱቦ ስለመመገብ

ውድ እህቴ፣

ትናንት ከሆስፒታል ስትወጡ ሐኪሙም፣ ነርሷም፣ እኔም በየተራ ብዙ ነገር ነግረንሻል። ያን ሁሉ በአንድ ቀን መያዝ ለማንም ይከብዳል። ስለዚህ ከጠዋት እስከ ማታ የምታደርጊውን በጽሑፍ አስቀመጥኩልሽ። ወንድምሽም ያንብበው። አንቺ ስትደክሚ የሚተካሽ እሱ ስለሆነ እኩል ማወቅ አለበት።

ከሁሉም በላይ ሦስት ነገር ያዢልኝ፦ አባትሽ ቀና ብለው ይመገቡ፣ ምግቡ ቀስ ብሎ ይውረድ፣ ቱቦው ሁልጊዜ በውሃ ይታጠብ። ቤት ውስጥ የማያቸው አብዛኞቹ ችግሮች ከእነዚህ አንዱ ሲዘለል የሚመጡ ናቸው።

ስትሮኩ የጎዳው መዋጥን ነው። ጨጓራቸውና አንጀታቸው ደህና ናቸው። በአፍ የሚገባው ግን መንገዱን ስቶ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል፤ የሳንባ ምች የሚያመጣውም ይሄ ነው። ሆዳቸው ላይ ያለው ቱቦ ምግቡን በቀጥታ ጨጓራ ውስጥ ያደርሰዋል።

የምግባቸው ልክ እንዲህ ነው። ክብደታቸው 60 ኪሎ ስለሆነ በቀን 1500 ሚሊ ሊትር ፎርሙላ ያስፈልጋቸዋል። የታዘዘላቸው ፎርሙላ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 1 ኪሎ ካሎሪ አለው። ይህን በአምስት ከፍለሽ በአንዴ 300 ሚሊ ሊትር ትሰጫቸዋለሽ፤ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ረፋድ 4 ሰዓት፣ ቀን 7 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት፣ ምሽት 1 ሰዓት። ከእያንዳንዱ ምግብ በፊት 60፣ በኋላም 60 ሚሊ ሊትር ውሃ አለ። በቀን 600 ይሆናል። ይህ ውሃ ቱቦ ማጠቢያ ብቻ አይምሰልሽ፤ የሚጠጡት ውሃም እሱ ነው። አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ አትደንግጪ። ያለፈውን ለማካካስ ብለሽ ግን ሁለቱን ምግብ በአንዴ እንዳትሰጪ።

አሁን ወደ አመጋገቡ።

ዳይፐር መቀየር ወይም ገላ ማጠብ ካለ ከምግብ በፊት ጨርሺው። ሆዳቸው ሞልቶ ማገላበጥ ያስመልሳል። ከዚያ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ፎርሙላውን፣ ሲሪንጁንና ውሃውን አጠገብሽ አዘጋጂ። ውሃው ፈልቶ ለብ እስኪል የቀዘቀዘ ይሁን። የፎርሙላው ጊዜ እንዳላለፈ እዪ፤ ቆርቆሮውንም ነቅንቂው።

ቀጥሎ አባትሽን ቀና አድርጊያቸው። ወንበር ላይ መቀመጥ ከቻሉ ከሁሉም ይሻላል። አልጋ ላይ ከሆኑ ከወገብ በላይ ቢያንስ 30 ዲግሪ፣ ከተመቻቸው 45 ዲግሪ ይነሱ። ትራስ ጭንቅላታቸው ሥር ብቻ መደርደር አይበቃም። አንገታቸውን ይሰብርና ሆዳቸውን ያጥፈዋል። ከጀርባቸው ጀምረሽ ደግፊያቸው። የምታደርጊው ነገር ሁሉ ትክክል ሆኖ እሳቸው ተጋድመው ከሆነ፣ ያን ምግብ ባትጀምሪው ይሻላል።

ቱቦውን ተመልከቺ። ቆዳቸው ጋ የሚነበበው ቁጥር 4 መሆን አለበት። ቁጥሩ ከተለወጠ ቱቦው ተንሸራቶ ይሆናል፤ ምንም ሳትሰጪ ደውይልኝ። ሆዳቸውንም በእጅሽ ነካ አድርጊ። ተነፍቶ ከጠነከረ ወይም ካቅለሸለሻቸው አንድ ሰዓት ጠብቂ። ካልተሻላቸው ደውይ።

ሁሉም ደህና ከሆነ ባለ 60 ሚሊ ሊትሩን ሲሪንጅ አንሺ። መግፊያውን አውጥተሽ ወደ ጎን አድርጊው። የቱቦው መቆለፊያ እንደተዘጋ ክዳኑን ክፈቺና ሲሪንጁን ጥብቅ አድርገሽ ሰኪ። 60 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምሪና መቆለፊያውን ልቀቂው። ውሃው በራሱ ይወርዳል። ካልወረደ ቱቦው የተጣጠፈ ቦታ እንዳለ ፈልጊ።

ውሃው ከሲሪንጁ ተሟጦ ሳያልቅ ፎርሙላውን ጨምሪ። እንዲሁ ባዶ ሳይሆን እየሞላሽ ቀጥዪ። ባዶ ከሆነ አየር ይገባና ሆዳቸውን ይነፋዋል። ፍጥነቱ በእጅሽ ነው፤ ሲሪንጁን ከፍ ስታደርጊ ይፈጥናል፣ ዝቅ ስታደርጊ ይዘገያል። 300 ሚሊ ሊትሩ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፍጅ። በመግፊያ ገፍቶ በአምስት ደቂቃ መጨረስ ይቻላል፤ እኔ ግን አጥብቄ የምቃወመው እሱን ነው። ማስመለሱም፣ ቁርጠቱም፣ ተቅማጡም ከዚያ ይመጣል። ይህን ግማሽ ሰዓት አብራችሁ የምትቀመጡበት አድርጊው። አውሪያቸው። መናገር ባይችሉም ይሰማሉ። ፊታቸውንም ታያለሽ፤ ሳል፣ ላብ ወይም የመጨነቅ ስሜት ካየሽ ወዲያው መቆለፊያውን ዝጊ።

ፎርሙላው ሲያልቅ 60 ሚሊ ሊትር ውሃ አሳልፊ። የመጨረሻው ውሃ ቱቦው ውስጥ እንዳለ ቆልፊ፣ ሲሪንጁን ንቀዪ፣ ክዳኑን ግጠሚ። ከዚህ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ቀና ብለው ይቆዩ። የምሽቱን በ1 ሰዓት ያደረግኩት ለዚህ ነው፤ ከመተኛታቸው በፊት ሆዳቸው ቀለል ይላል። ማታም ቢሆን የአልጋው ራስጌ ከፍ ያለ ይሁን።

ሲሪንጁን በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቢ፣ አለቅልቂ፣ ንጹህ ቦታ ላይ በራሱ ይድረቅ። የተረፈ ፎርሙላ ካለ ክዳኑን ከድነሽ፣ የተከፈተበትን ሰዓት ጽፈሽበት ፍሪጅ አስገቢው። 24 ሰዓት ካለፈው ድፊው፤ የሚያሳዝን ቢሆንም ድፊው። ከፍሪጅ ያወጣሽውን ደግሞ ቀዝቃዛውን ለብ እስኪል ጠብቀሽ እንጂ እሳት ላይም ማይክሮዌቭ ውስጥም አታሙቂው።

ትናንት “እቤት የማበስለውን ፈጭቼ ባስገባለትስ?” ብለሽኝ ነበር። ከልብሽ እንደሆነ አውቃለሁ። አሁን ግን አይሆንም። ቱቦውን በቀላሉ ይደፍናል፣ ለባክቴሪያ ይመቻል፣ ምን ያህል ፕሮቲንና ጉልበት እንዳገኙም ማወቅ አንችልም። ወደፊት ልንነጋገርበት እንችላለን። ፎርሙላውንም እንዲበረክት ብለሽ በውሃ አታቅጥኚው። በአፍ ደግሞ የመዋጥ ምርመራ ተደርጎ እስኪፈቀድ ድረስ አንድ ማንኪያ ውሃም ቢሆን አይሰጥ። ዘመድ ሊጠይቅ ሲመጣ ይህን አስቀድመሽ ንገሪ። “ትንሽ ቅምሻ ምን ያደርጋል” የሚል ሰው አይጠፋም።

መድኃኒት ላይ ተጠንቀቂ። ፈሳሽ ሆኖ የሚገኝ ካለ ፋርማሲስቱን ጠይቂ። ካልተገኘ ክኒኑን ልም እስኪል ፈጭተሽ በውሃ በጥብጪው። ሁለት መድኃኒት አትቀላቅዪ፣ ከፎርሙላ ጋርም አታዋህጂ። አንዱን ሰጥተሽ 15 ሚሊ ሊትር ውሃ አሳልፊ፣ ከዚያ ሌላውን። ሁሉም ክኒን ግን አይፈጭም። ቀስ እያለ እንዲሠራ የተዘጋጀ ክኒን ከተፈጨ የቀኑ መጠን በአንዴ ይለቀቃል። ስለዚህ እያንዳንዱን መድኃኒት ሳትጠይቂ አትፍጪ።

ስለማይበሉ አፋቸው ንጹህ ይመስላል፤ አይደለም። ምራቅ ሲደርቅ ባክቴሪያ ይበዛል፣ ያም ወደ ሳንባ ሊወርድ ይችላል። ጠዋትና ማታ ጥርሳቸውን በለስላሳ ብሩሽ አጽጂ፣ ከንፈራቸውን አርጥቢ። ቱቦው የገባበትን ቆዳም በቀን አንዴ በውሃና በሳሙና አጥበሽ በደንብ አድርቂው። ቱቦውን ማዞር ነርሷ ባሳየችሽ ልክ ብቻ ይሁን።

ቱቦው ቢደፈን ለብ ያለ ውሃ በሲሪንጁ ይዘሽ በቀስታ ወደ ውስጥ ገፋ፣ ወደ ውጭ ሳብ አድርጊ። ካልሆነ ውሃውን እዚያው ትተሽ 15 ደቂቃ ጠብቂና ድገሚው። በኃይል አትግፊ፣ በትንሽ ሲሪንጅም አትሞክሪ፤ ቱቦው ሊቀደድ ይችላል። ሽቦ ማስገባት ፈጽሞ አይቻልም። አሁንም ካልተከፈተ ወደ ሆስፒታል ይዘሻቸው ነይ።

ተቅማጥ በቀን ከሦስት ጊዜ በላይ ከሆነ ደውይልኝ። መነሻው ሁልጊዜ ፎርሙላው አይደለም። አንዳንድ ፈሳሽ መድኃኒት ወይም አንቲባዮቲክም ያመጣዋል። የሆድ ድርቀት ከሆነም ንገሪኝ፣ ውሃውን እናስተካክላለን። ሁለቱንም በራስሽ ምግብ በማቆም ለመፍታት አትሞክሪ።

ደውዬ ልጠይቅ ሳትይ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል የምትሄጂባቸው ነገሮች አሉ። ቱቦው ከወጣ አንዱ ነው። ከገባ ገና ሦስት ሳምንቱ ስለሆነ መንገዱ አልጠነከረም፤ በሰዓታት ውስጥ ሊዘጋ ይችላል። መልሰሽ አታስገቢው። ቀዳዳውን በንጹህ ጎዝ ሸፍኚ፣ የወጣውን ቱቦ ያዢ፣ ሂዱ። ትንፋሽ ሲያጥራቸው፣ ከምግብ በኋላ ሳልና ትኩሳት ሲመጣ፣ ምግብ ሲገባ ከባድ የሆድ ሕመም ሲሰማቸው፣ ደም ወይም ጥቁር ነገር ሲያስመልሳቸው ምግቡን አቁመሽ ወዲያው ውሰጃቸው። ቆዳው ቢቀላ፣ ቢያብጥ ወይም መግል ቢይዝ ግን በዚያው ቀን ለነርሷ መንገር ይበቃል።

አንድ ደብተር ያዢ። ሰዓቱን፣ የገባውን ፎርሙላና ውሃ፣ ማስመለስ ወይም ተቅማጥ ካለ ጻፊው። ክብደታቸውን በሳምንት አንዴ ለኩ፤ ሁልጊዜ በአንድ ቀን፣ ጠዋት፣ ከምግብ በፊት። ልኩን የምቀያይረው በዚያ ነው።

ስለራስሽም ልንገርሽ። ትናንት ዓይንሽ ሳይተኛ እንዳደረ አይቻለሁ። የረፋዱንና የ10 ሰዓቱን ለወንድምሽ ተዪለት። መጀመሪያ አጠገቡ ሆነሽ እዪው፣ ከዚያ ሄደሽ ተኚ።

ማክሰኞ ጠዋት እኔ ራሴ እደውልልሻለሁ። በሁለት ሳምንት ቀጠሮ ስትመጡ ደብተሩን፣ ሲሪንጁንና የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ይዘሽ ነይ። እስከዚያ የሚያጠራጥርሽ ነገር ካለ፣ ትንሽ ነው ብለሽ አትተዪው፤ በሰጠሁሽ ስልክ ደውይ።

ለአባትሽ ሰላምታዬን አድርሽልኝ።

አክባሪሽ፣
የአባትሽ የሥነ ምግብ ባለሙያ