ገንዘብ እንዲወጣልኝና ቼክ እንዲረከብልኝ የሰጠሁት የውክልና ደብዳቤ

ቀን፦ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጀሞ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ
ለመምህራን ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ክፍል
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የወንድሜ ልጅ ናትናኤል ግርማ ተሰማ ከሒሳቤ ገንዘብ እንዲያወጣና በስሜ የተዘጋጀውን ቼክ እንዲረከብ ስለመወከል

እኔ አስካለ ተሰማ ወርዶፋ እባላለሁ። ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጥቅምት ውስጥ ደረጃ ላይ ወድቄ የቀኝ እግሬ ጭኑ ላይ ተሰብሯል። ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ ብረት ገብቶልኛል፣ አሁን ቤት ነው ያለሁት። ሕንፃችን ሊፍት የለውም። ሐኪሙ ደግሞ እግሬን መሬት እንዳላስረግጥ አዞኛል። ለቀጠሮ የወረድኩት በወንበር ተሸክመውኝ ነው፣ ባንክ ደርሶ ለመመለስ ግን ጎረቤት እንደገና አላስቸግርም። ልጄ ባሕር ማዶ ናት። ቅርቤ ያለው ናትናኤል ነው።

ስለዚህ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2199 እና 2205 መሠረት ከዚህ በታች ለጻፍኳቸው ሁለት ሥራዎች ብቻ ወክዬዋለሁ። በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት የተረጋገጠው የውክልና ሰነድ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። ያ ሰነድ በሕግ ቋንቋ የተጻፈና አጭር ነው። መስኮት ላይ የሚቀመጠው ሠራተኛ «ይህስ ተፈቅዷል ወይ?» እያለ እንዳይቸገር ዝርዝሩን እዚህ አስፍሬዋለሁ። ሁለቱ ወረቀቶች የማይጣጣሙበት ነገር ቢገኝ ጠበብ ያለው ይሠራ።

አንደኛው ሥራ፦ ገንዘብ ማውጣት

ናትናኤል በስሜ ካለው የቁጠባ ሒሳብ ብር 60,000.00 (ስልሳ ሺህ ብር) በጥሬ ገንዘብ ያውጣልኝ። የሒሳቡ ቁጥር የመጨረሻ አራት አሃዞች 4471 ናቸው። ይህ ደብዳቤ በብዙ እጅ ስለሚያልፍ ሙሉ ቁጥሩን አልጻፍኩትም፣ በተያያዘው የደብተር ኮፒ ላይ ይገኛል።

ማውጣት የሚችለው አንድ ጊዜ ነው። ስልሳ ሺህ ካወጣ በኋላ ይህ ክፍል አበቃ ማለት ነው፣ ሳምንት ቆይቶ ሌላ ስልሳ ሺህ መጠየቅ አይችልም። ከዚያ ያነሰ ቢያወጣም ቀሪውን ለማውጣት ሌላ ደብዳቤ ያስፈልገዋል።

ባንኩ ምን ልሠራበት እንደሆነ ማወቅ ግድ አይለውም። ቢሆንም ለናትናኤልም ማስታወሻ ይሁነው ብዬ እጽፈዋለሁ። ብር 41,000 ለሆስፒታል የቀረብኝ ዕዳ ነው፣ እስከ ኅዳር 10 እንድከፍል ቃል ገብቻለሁ። ከቀሪው ላይ ዎከርና መድኃኒት ይገዛል። የተረፈው እኔን ለምታስታምመኝ ልጅ ደመወዝ ነው።

ለምን በሞባይል አታስተላልፊም የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ስልኬ ባለ ቁልፍ ነው፣ የሞባይል ባንክ አገልግሎትም አላስጀመርኩም። አሁን በዚህ ሕመም ላይ ሆኜ አልጀምረውም፣ ናትናኤልም በእኔ ስም እንዲያስጀምር አልፈቀድኩም።

ሁለተኛው ሥራ፦ ቼክ መረከብ

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ መዋጮዬን አቁሜ ነበር። ዘንድሮ ከማኅበሩ አባልነት ለቅቄያለሁ። የቁጠባዬና የዕጣዬ ተመላሽ ተሰልቶ ብር 138,450.75 (አንድ መቶ ሠላሳ ስምንት ሺህ አራት መቶ ሃምሳ ብር ከ75 ሳንቲም) እንደደረሰኝና ቼኩ እንደተዘጋጀ ከሒሳብ ክፍል በስልክ ተነግሮኛል። ናትናኤል ይህን ቼክ ይረከብልኝ። በወጪ ማዘዣው ላይም «ስለ ወ/ሮ አስካለ ተሰማ» ብሎ ይፈርምልኝ።

ማኅበሩን ሁለት ነገር እለምናለሁ። ቼኩ በእኔ ስም ይሁን፣ በናትናኤል ስም አይጻፍ። ሁለት መስመርም ይሰመርበትና በጥሬ ገንዘብ የማይመነዘር ይሁን። መንገድ ላይ ቢጠፋ ወይም ቢሰረቅ እንኳ ሌባው መስኮት ላይ ቀርቦ ብር መቁጠር አይችልም።

ናትናኤል ሳይፈርም በፊት እዚያው ጠረጴዛው ላይ ቼኩን ያንብበው። በፊደል የተጻፈው ብርና በአሃዝ የተጻፈው አንድ መሆን አለበት። ቀኑ መኖር አለበት። ፊርማውና ማኅተሙ መሟላት አለበት። ስሜ ላይ አንዲት ፊደል ብትሳሳት ተመልሶ ሌላ ይጻፍለት እንጂ በእስክሪብቶ እንዲያስተካክሉለት አይቀበል። ሰረዝ ድልዝ ያለበት ቼክ ባንክ ደርሶ ይመለሳል፣ ምልልሱ ደግሞ ለእሱ ነው የሚተርፈው።

ከተረከበ በኋላ በዚያው ቀን፣ ካልደረሰ በማግስቱ፣ ከላይ በጠቀስኩት ሒሳቤ ገቢ ያድርገው። ቼኩን በጀርባው ፈርሞ ለራሱም ሆነ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ አይችልም። የገቢ ስሊፑን ይዞልኝ ይምጣ።

ያልፈቀድኩት

ናትናኤልን ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አምነዋለሁም። ይህን ሁሉ ማጥበቤ እሱን ተጠራጥሬ አይደለም። ነገ ከዘመድ አንዱ «የአክስትህን ብር ምን አደረግኸው?» ቢለው የሚያሳየው ወረቀት ይኑረው ብዬ ነው። ልቅ ውክልና የሚጎዳው ወካዩን ብቻ አይደለም፣ ተወካዩንም ያስጠረጥራል።

ስለዚህ በዚህ ውክልና ሒሳቤን መዝጋት፣ ብድር መጠየቅ፣ ሒሳቤን ዋስትና ማስያዝ፣ የኤቲኤም ካርድ ማውጣት፣ የምስጢር ቁጥር ማስቀየር፣ የተመዘገበውን ስልክ ቁጥር መለወጥ አይችልም። ከተባለው ስልሳ ሺህ ውጭ ያለውን ቀሪ ሒሳቤን ጠይቆ ማወቅም አያስፈልገውም። በየወሩ የሚገባው ጡረታዬ ባለበት ይቀመጥ። ውክልናውን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ አይችልም፣ «ዛሬ ስላልተመቸኝ ጓደኛዬን ልኬዋለሁ» የሚል ነገር ቢመጣ እባካችሁ መልሱት።

ስለ ስሜና ስለ ፊርማዬ

ይህን ቀድሜ ብናገረው ይሻላል። በፋይዳ መታወቂያዬ ላይ የአያቴ ስም «ወርዶፋ» ነው። በባንክ ደብተሬ ላይ ግን «ወርደፋ» ተብሎ ተጽፏል። ሰውየዋ አንድ ነች። የሁለቱንም ኮፒ አያይዣለሁ። ማኅበሩ ቼኩን ሲጽፍ ደብተሩ ላይ ያለውን ይከተል፣ ገንዘቡ የሚገባው እዚያ ስለሆነ።

ናትናኤል ደግሞ የታናሽ ወንድሜ የግርማ ልጅ ነው። የእሱ የአያት ስምና የእኔ የአባት ስም አንድ የሆነው ለዚህ ነው። የእሱም የፋይዳ መታወቂያ ኮፒ ተያይዟል። ሲቀርብ ዋናውን ይዞ ይመጣል፣ ፊቱን ከፎቶው ጋር አስተያዩት።

ፊርማዬን ባንኩ ከያዘው ናሙና ጋር ስታመሳክሩ አንድ ነገር አስተውሉ። ሒሳቡን ከከፈትኩ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ እጄም እንደ ድሮው አይደለም። መስመሩ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። የ«አ» አንዱ እግር ወደ ታች ተጎትቶ ከ«ተሰማ» ሥር እስከ መጨረሻው የሚያልፈው ግን ዛሬም እንደ ጥንቱ ነው። እሱን እዩ።

ለማረጋገጥ

ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ደውላችሁ እንድትጠይቁኝ እፈልጋለሁ። በሒሳቤ ላይ በተመዘገበው፣ በ47 በሚያልቀው ስልኬ ደውሉልኝ። ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ነቅቼ እጠብቃለሁ፣ ከምሳ በኋላ መድኃኒቱ ያስተኛኛል። የደወለው ሠራተኛ ስሙንና ቅርንጫፉን ይንገረኝ። እኔም ስሜን፣ የናትናኤልን ስምና የገንዘቡን ልክ እነግረዋለሁ። ከዚያ ያለፈ ነገር ግን በስልክ አልናገርም። ኮድ ወይም የምስጢር ቁጥር የሚጠይቀኝ ሰው ከመጣ ከባንክ ነኝ ቢልም ጆሮው ላይ ነው የምዘጋበት። በዚህ ሰሞን አጭበርባሪው በዝቷል፣ እንዳትቀየሙኝ።

ደውላችሁ ካጣችሁኝ አትክፈሉ። ናትናኤል በማግስቱ ይመለስ።

ውክልናው የሚቆይበት ጊዜ

ይህ ውክልና ከዛሬ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ይሠራል። ሁለቱም ሥራዎች ከዚያ በፊት ካለቁ በዚያው ያበቃል። ሐሳቤን ከቀየርኩ በጽሑፍ እሰርዘዋለሁ። ጽሑፉ እስኪደርሳችሁ ድረስ ከተመዘገበው ስልኬ ደውዬ «አቁሙ» ካልኩ ክፍያውን ያዙልኝ። ዕድሜና ሕመም ነውና፣ በመሐል ብሞትም ውክልናው አብሮ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው የወራሾች ጉዳይ ነው።

በዚህ ደብዳቤ ወሰን ውስጥ ናትናኤል የሚፈጽመውን እኔ ራሴ እንደፈጸምኩት እቆጥረዋለሁ። ባንኩም ማኅበሩም ከላይ የጻፍኩትን አሟልተው ከከፈሉ ወይም ካስረከቡ በኋላ እኔ የማቀርበው ጥያቄ አይኖርም። ናትናኤል ገንዘቡን በተቀበለ በሦስት ቀን ውስጥ ከነደረሰኙ ያስረክበኛል።

ለትብብራችሁ አስቀድሜ አመሰግናለሁ።

ወካይ፦ አስካለ ተሰማ ወርዶፋ (ፊርማ አለው)

የተወካይ ቃል

እኔ ናትናኤል ግርማ ተሰማ ደብዳቤውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቤዋለሁ። ብር 60,000.00 አንድ ጊዜ ብቻ አውጥቼ ለአክስቴ ለማስረከብ፣ ቼኩን ተረክቤ በእሷ ሒሳብ ገቢ ለማድረግና ደረሰኞቹን ለማምጣት ተስማምቻለሁ። ከዚህ ውጭ በስሟ ምንም አልፈጽምም። ለዚህ አገልግሎት የሚከፈለኝ ነገር የለም። የታክሲዬን አክስቴ እከፍላለሁ ብላለች፣ አልቀበልም ብያታለሁ።

ተወካይ፦ ናትናኤል ግርማ ተሰማ (ፊርማ አለው)

ስንፈራረም ያዩ ምስክሮች
1. ወ/ሮ ጥሩወርቅ ደሳለኝ በዳኔ፣ የአንድ ሕንፃ ጎረቤት (ፊርማ አለው)
2. አቶ መሐመድ ኑሩ ይማም፣ የዕድራችን ጸሐፊ (ፊርማ አለው)

አባሪዎች
የተረጋገጠ የውክልና ሰነድ፣ 1 ዋናና 1 ኮፒ
የወካይና የተወካይ የፋይዳ መታወቂያ ኮፒ
የባንክ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ኮፒ
የሐኪም ማስረጃ ኮፒ

ግልባጭ
ለናትናኤል ግርማ
ለልጄ ቤተልሔም፣ በፎቶ ተነሥቶ የተላከ