የካቲት 26 ቀን 1967፦ ከእማዬ ማስታወሻ ወደ ሕይወት ታሪኳ

እኅቶቼ፣ ለሙት ዓመቷ ለምናሳትመው መጽሔት የዘመቻውን ክፍል ጽፌ ጨርሻለሁ። መጀመሪያ እሷ የጻፈችውን እንዳለ፣ ቀጥሎ የእኔን አንቀጽ አንብቡ።

ከደብተሯ

ረቡዕ፣ የካቲት 26/67። ውኃ የመቅዳት ተራው የእኔ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ከጎረቤታችን ልጅ ጋር ወንዝ ወረድኩ። እንስራ ማዘል እስካሁን አልለመደልኝም፤ ወገቤ ተቆረጠ። ተመልሼ ሻይ አፈላሁ። ከዚያ የፊደል ትምህርት። ግራሩ ሥር ሰው ሞልቷል፣ ግን የማንም ልብ ሰሌዳው ላይ አልነበረም፤ የትናንቱን አዋጅ በወሬ ሰምተዋል። “መ” ላይ ስደርስ ጠመኔውን አስቀመጥኩ። ሬዲዮኑን አውጥተን ድንጋይ ላይ አኖርነው። አዋጁ በድጋሚ ሲነበብ አስተርጓሚያችን በኦሮምኛ ነገራቸው። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ወንዶቹ ግማሹ አጨበጨበ፣ ግማሹ ዝም አለ። አንድ ሽማግሌ ተነሡና “በታኅሣሥ ለባለመሬቱ የሰፈርኩት እህልስ ይመለስልኛል?” አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። ሌላ ምን ልበል? ከሰዓት በኋላ ስለ ገበሬ ማኅበር ተሰበሰብን። አንዱ “የባለመሬት ልጅ ካለ እጁን ያውጣ” አለ። የምሩን ይሁን ለቀልድ አልገባኝም። አባዬ ደብረ ብርሃን በእኩል የሚያሳርሱት መሬት ፊቴ ላይ ድቅን አለ። እጄን አላወጣሁም። ማታ ደብዳቤ ጀመርኩላቸው፤ “እንደምን ከረሙ” ከሚለው አላለፈም። ቀደድኩት። ፋኖሱ ጋዝ ጨረሰ።

ለመጽሔቱ የተዘጋጀው

የእድገት በኅብረት ዘመቻ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲጀመር እናታችን የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበሩ፤ የተመደቡትም አርሲ ውስጥ፣ ከአሰላ ወጣ ብሎ በሚገኝ ጣቢያ ነበር። የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 በታወጀ ማግስት፣ የካቲት 26 ቀን ረቡዕ፣ ተራቸው ስለነበር ጎህ ሳይቀድ ከአንዲት የጎረቤት ልጅ ጋር ወንዝ ወርደው ውኃ ቀዱ፤ ለእንስራ ገና አዲስ ስለነበሩ ወገባቸውን እያመማቸው ተመልሰው ለጓደኞቻቸው ሻይ አፈሉ። ቀጥሎም በግራር ጥላ ሥር የፊደል ትምህርት ጀመሩ። ገበሬዎቹ ግን አዋጁን በወሬ ሰምተው ስለነበር ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ነበር፤ እሳቸውም “መ” ላይ ሲደርሱ ማስተማሩን አቆሙ። ዘማቾቹ ሬዲዮ አውጥተው ድንጋይ ላይ አስቀመጡ፤ ጭሰኝነትን የሻረው አዋጅ በድጋሚ ሲነበብም አስተርጓሚው በኦሮምኛ አሰማ። ሴቶቹ እልል ሲሉ ከወንዶቹ ከፊሉ አጨበጨበ፣ ከፊሉ ዝም አለ። በዚህ መካከል አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ በታኅሣሥ ለባለመሬቱ የሰፈሩት እህል ይመለስላቸው እንደሆነ ጠየቋቸው፤ እሳቸውም እንደማያውቁ ነገሯቸው። ከሰዓት በኋላ ስለ ገበሬ ማኅበር በተደረገው ስብሰባ ላይ አንድ ዘማች የባለመሬት ልጅ ያለ እንደሆነ እጁን እንዲያወጣ ጠየቀ። አነጋገሩ የምር ይሁን የቀልድ አልለዩም። አባታቸው ደብረ ብርሃን በእኩል የሚያሳርሱት መሬት ትዝ አላቸው፤ እጃቸውን ግን አላወጡም። ማታ ለአባታቸው ደብዳቤ ጀምረው ከሰላምታው ሳያልፉ ቀደዱት፤ የዕለቱ ማስታወሻም የፋኖሱ ጋዝ ባለቀበት ሰዓት ያበቃል።

ከእኔ የጨመርኩት ዘመቻው የተጀመረበትን ቀን፣ ክፍሏን፣ ምድብ ቦታዋን፣ የአዋጁን ቁጥርና ምንነት ብቻ ነው፤ የዛሬ አንባቢ ያለ እነሱ ነገሩን አይከተለውም። ስለ እጅ ማውጣቱ “ይቅር፣ አያታችንን ያስነቅፋል” ብላችሁኝ ነበር። አስቤበት አልሰረዝኩትም፤ እንዳለ ይታተም። እሱ ከጎደለ ማታ ደብዳቤውን ለምን እንደቀደደች ማንም አይረዳም። ከደብዳቤው በኋላ አምጥተን ብናስገባው ደግሞ ጸጸት ያደረባት ይመስላል፤ እሷ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልጻፈችም። የሽማግሌውንም ጥያቄ መልስ ልሰጠው እጄን በልቶኝ ነበር። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በዚያ ሁሉ እልልታ መሃል “አላውቅም” ማለቷ ለእኔ ከመልስ ይበልጣል፤ አልነካሁትም።

“እንደማያውቁ ነገሯቸው” የሚለው ላይ ማን ለማን እንደተናገረ ግር ካላችሁ ምልክት አድርጉበት። የሚያዝያውን ገጽ ፎቶ አንሥቼ ነገ እልካለሁ፤ ቀለሙ ስለደበዘዘ ሁለት መስመር ማንበብ አቅቶኛል፣ የእሷን እጅ ጽሑፍ ከእኔ የተሻለ ታውቁታላችሁና እዩልኝ።